ፐርሙቴሽንና ኮምቢኔሽን

ፐርሙቴሽን ቅደም ተከተልን ከግምት አስገብቶ የሚቆጥር፣ ኮምቢኔሽን ግን የተመረጡትን ብቻ የሚያይ የአቆጣጠር ስልት ነው። መለያው ጥያቄ አጭር ነው፦ የተመረጡት ቦታ ቢቀያየሩ ውጤቱ ይለወጣል? ከ10 ሰዎች ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በ10×9×8=720 መንገድ ይመረጣሉ። የሥራ ድርሻ ያልተለየለት የ3 ሰዎች ኮሚቴ ግን 720÷6=120 ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ኮሚቴ 6 ጊዜ ተደጋግሞ ተቆጥሯልና።

በፕሮባብሊቲ ጥያቄ ሁለቱም ስልት ሊያስኬድ ይችላል፤ መቀላቀሉ ነው ጉዱ። 5 ቀይና 3 ነጭ ኳስ ከያዘ ከረጢት ሁለት ሳያዩ ሲያወጡ፣ አንድ ቀይና አንድ ነጭ የመሆን ዕድሉ በኮምቢኔሽን 15/28፣ በቅደም ተከተል 30/56፣ ማለትም ያው ነው። ብዙ ተማሪ 15/56 ይላል፤ ከታች ቅደም ተከተሉን ቆጥሮ ከላይ ይረሳዋል። ስህተቱ በድምር ይታወቃል፦ ሁለት ቀይ 20/56፣ ሁለት ነጭ 6/56 ስለሆኑ፣ 15/56 ቢጨመርባቸው 1 አይሞላም።