የሆራስ መርከብ

አንዳንድ ግጥም በመጀመሪያው ስንኝ አገርን መርከብ ያደርጋታል፤ አራተኛው ላይ እናት ትሆናለች፤ ሲያልቅ ደግሞ የምትቃጠል ጎጆ ሆና እናገኛታለን። ሮማዊው የንግግር ጥበብ መምህር ኩዊንቲሊያን ይህን ስሕተት የነቀፈው በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ብዙዎች በማዕበል ጀምረው በቃጠሎ ወይም በሕንፃ መፍረስ ይጨርሳሉ፣ ይህም ታላቅ ነውር ነው ይላል።

እንዲህ ያለውን ዘይቤ ለማስረዳት ከጠቀሳቸው ግጥሞች አንዱ የሆራስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ23 ዓመት ገደማ በወጡት መጻሕፍቱ በአንደኛው ውስጥ 14ኛው። በኩዊንቲሊያን አፈታት መርከቧ አገር ናት፤ ማዕበሉ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ወደቡ ሰላምና ስምምነት። ሆራስ ጦርነቱን በወሬ አላወቀውም፤ በ42 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በፊሊጲ ከተሸነፈው ከብሩተስ ጦር ጋር ተሰልፎ ነበር።

ግጥሙ ሃያ ስንኝ ብቻ ነው። ሮምን በስሟ አይጠራትም፤ መርከቧን ያናግራታል እንጂ። ጎኗ መቅዘፊያ አጥቷል፣ ምሰሶዋን ነፋስ ጎድቶታል፣ ገመድ ያላሰረው አካሏ ባሕሩን መቋቋም ያቅተዋል፣ ሸራዋ ተቀዷል፣ በጭንቅ ጊዜ የምትጠራቸው አማልክትም የሉም። ልብ በሉ፤ ምሰሶው ንጉሡ ነው፣ መቅዘፊያው ወታደሩ ነው የሚል ነገር የለም። ኩዊንቲሊያንም የፈታው ሦስቱን ብቻ ነው። የቀረው ዕቃ የመርከብ ዕቃ ሆኖ ይቀራል፤ ግጥሙ ያልተጨናነቀው በዚህ ይመስለኛል። ለእያንዳንዱ ሚስማር ፍቺ የሚያበጅ ገጣሚ አንባቢውን እንቆቅልሽ ፈቺ ያደርገዋል።

የዘር ኩራት እንኳ ከባሕር አልወጣም። መርከቧ የምትመካው በጰንጦስ ጫካ ልጅነቷ ነው፤ እንጨቱ ለመርከብ ሥራ የታወቀ ነበርና። ሆኖም የተጨነቀ መርከበኛ በቀለም ቅብ አይተማመንም ይላታል። በእኛ ቋንቋ ሰሙ ብቻውን ይቆማል ማለት ነው፤ አገር የሚባል ነገር ያልሰማ የወደብ ሠራተኛ ቢያነበው አንድም ቦታ ግር አይለውም።

ከአንድ ቦታ በቀር። በመጨረሻው አንጓ ገጣሚው ቀድሞ ታስመርረው የነበረችው መርከብ አሁን ናፍቆቱና ጭንቀቱ እንደሆነች ይነግራታል። ሰው መርከብን እንዲህ ይናፍቃል? አንዳንድ ተመራማሪዎች በዚህ ተነሥተው መርከቧ ሴት ናት እስከ ማለት ደርሰዋል። እኔ የኩዊንቲሊያንን አፈታት እመርጣለሁ፤ ከፊሊጲ ለተረፈ ሰው አገር ታስመርራለች፣ ትናፍቃለችም። ደግሞም ሆራስ ስሜቱ ላይ ብዙ አይቆይም። ከሁለት ስንኝ በኋላ ወደ ባሕሩ ይመለስና በሲክላድስ ደሴቶች መካከል ካለው ውኃ እንድትርቅ ያስጠነቅቃታል፤ ግጥሙም እዚያው ያበቃል። ወደብ መግባቷን አይነግረንም።