ከእንዶድ እስከ ኢንዛይም

ዛሬ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሱቆች ኦሞ፣ አሪኤል፣ ሮልና ላርጎ ተደርድረው ይታያሉ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ፣ ውስጡ ያለው ሳፖኒን አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን በእንዶድ የመግደል ምርምራቸው ከዚያ ተነሣ።

ደረቅ ሳሙና ሲመጣ ሌላ ችግር ይዞ መጣ። የጉድጓድ ውኃ ካልሲየም ሲበዛበት ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ይረጋል፣ ነጩን ልብስ ያደበዝዘዋል። የዱቄት ሳሙና ይህን በአብዛኛው አስቀረ፤ ውስጡ ያለው ሶዳ ግን እጅ ይልጣል።

ኢንዛይምን ለልብስ ማጠቢያ ያዋለው ጀርመናዊው ኦቶ ሮም ነው፣ በ1913 እ.ኤ.አ.። በስፋት የተሠራበት ግን በ1960ዎቹ፣ ከባክቴሪያ ማምረት ሲቻል ነው። ፕሮቲዝ የሚባለው ኢንዛይም ደም፣ ወተትና የአንገትጌ ላብ የተጣበቀበትን ፕሮቲን ይቆራርጣል። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል፦ ለብ ባለ ውኃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ። ዘፍዝፎ የማይጠብቅ ሰው የኢንዛይሙን ዋጋ በከንቱ ይከፍላል። የፈላ ውኃና በረኪና ደግሞ ኢንዛይሙን ያበላሹታል። ሐርና ሱፍ ራሳቸው ፕሮቲን ስለሆኑ በዚህ ዱቄት አይዘፈዘፉም።

አንድ ስም በየአገሩ አንድ ዓይነት ቅመም የለውም፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል። ኢንዛይም መኖሩ ካልተጻፈ የተቀቀለ እንቁላል ነጭ በስሱ ቆርጦ፣ በየዱቄቱ ለብ ያለ ብጥብጥ ውስጥ ማሳደር ይቻላል። ከጎኑ በባዶ ውኃ ያደረ ሌላ ቁራጭ ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ። ፕሮቲዝ ባለበት የእንቁላሉ ጠርዝ ይሳሳል፤ ሶዳም ትንሽ ሊያለሰልሰው ስለሚችል ፈተናው ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ወጪውን በምሳሌ እንየው። አንዱ ዱቄት በኪሎ 200 ብር፣ ሌላው 260 ብር ነው እንበል። አንድ ሳፋ ልብስ ለማጽዳት የመጀመሪያው 80 ግራም፣ ሁለተኛው 50 ግራም ከፈለጉ፣ ርካሹ በአንድ አጠባ 16 ብር፣ ውዱ 13 ብር ያስወጣል ማለት ነው። 30 ግራሟ ትንሽ ፓኬት 10 ብር ከተሸጠች ደግሞ ኪሎው ከ330 ብር በላይ ይመጣል፤ ለዕለት ኪስ የቀለለች የምትመስለው እሷ ከሁሉም ትወደዳለች።

በዚህ ስሌት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ውኃ ነው። አረፋ የጽዳት መለኪያ አይደለም፤ አረፋው የበዛ ዱቄት ለማለቅለቅ ብዙ ውኃ ይጠይቃል። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት፣ ጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር፣ አንድ ተጨማሪ ማለቅለቅ የ3 ብሩን ልዩነት ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዱቄቶችን የሚያወዳድር ሰው ግራሙን ብቻ ሳይሆን፣ ውኃው እስኪጠራ ስንት ጊዜ እንዳለቀለቀም ይቁጠር።