ግራጫው ወረቀት

ቅጠሉ ከተክሉ ይቀነጠሳል፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ወረቀት ላይ ይዘረጋል፣ ከዚያ ደጅ ላይ ፎቶ ይነሳል። ዴቪድ ሂዩዝና ማርሴል ሳላቴ በ2015 እ.ኤ.አ. በነፃ የለቀቁት የፕላንትቪሌጅ የፎቶ ስብስብ የተሠራው እንዲህ ነው። ባለሙያዎች እያንዳንዱን ቅጠል አይተው የተክሉንና የበሽታውን ስም ሰጡት። በ2016 በ54,306 ፎቶዎች የሠለጠነ ሞዴል 38 ምድቦችን ለየ፤ ውጤቱም 99.35 በመቶ ሆነ።

ተማሪ ሆኜ ይህን ቁጥር ሳነብ “አለቀ በቃ፣ ስልክ ላይ መጫን ብቻ ነው የቀረው” ብዬ ነበር። እዚያው ጥናት ውስጥ ግን ሌላ ቁጥር አለ፤ አዘጋጆቹም አልደበቁትም። በሌላ ሁኔታ የተነሱ፣ ከኢንተርኔት የተገኙ ፎቶዎች ሲሰጡት ሞዴሉ ወደ 31 በመቶ ወረደ።

ምን ነካው? መልሱ በከፊል ወረቀቱ ላይ ነበር። የአንድ በሽታ ቅጠሎች ባንድ ቦታ፣ ባንድ ብርሃን፣ ባንድ ወረቀት ላይ ከተነሱ ወረቀቱም የበሽታው ምልክት ይሆናል። በ2022 የወጣ ጥናት ይህን በቀላል ዘዴ አሳየ፤ ቅጠሉን ትቶ ከፎቶው ዳር ስምንት ነጥቦችን ብቻ ለሞዴል ሰጠ። በግምት ቢሆን 2.6 በመቶ ነበር የሚያገኘው። ያገኘው ግን 49 በመቶ ነው፤ አንድም ቅጠል ሳያይ!

ወረቀቱን መተው ግን ሁሉንም አይፈታም። የፕላንትቪሌጅ ሰዎችና የIITA ባለሙያዎች ታንዛኒያ፣ ባጋሞዮ አቅራቢያ ካሳቫን እማሳው ላይ እንዳለ ፎቶ አነሱ። በአራት ሳምንት 11,670 ፎቶ ተሰበሰበ። ከዚያ ማጣራት መጣ፤ አንድ ቅጠል ላይ ሁለት በሽታ ካለ ምን ተብሎ ይሰየማል? እንዲህ ያሉትን እየቀነሱ ሲመርጡ 2,756 ቀሩ። በ2017 በወጣው ጥናት ሞዴሉ እስከ 93 በመቶ ደረሰ። ለገበሬው ስልክ የተዘጋጀው ኑሩ የተባለው መተግበሪያም ከዚህ ሥራ ወጣ፤ ስሙ በስዋሂሊ “ብርሃን” ማለት ነው።

ማሳው ግን አልተጣራም። እዚያ በሽታዎች ተደራርበው ይመጣሉ፤ ገበሬውም ስልኩን የሚያወጣው ምልክቱ ገና ደብዘዝ ሲል ነው። ቡድኑ ራሱ በ2019 ሞዴሉን ስልክ ላይ ሲፈትን ውጤቱ መውረዱን አሳውቋል፤ ቀላል ምልክት ላይ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል።

ከሁሉ የሚከብደው የካሳቫ ቡናማ ሰንበር ነው። ቅጠሉ ላይ ትንሽ ቢጫ ብቻ ሊያሳይ ይችላል፤ ሥሩ ግን ከመሬት በታች ይበሰብሳል። እዚህ ላይ ጥሩ ካሜራ አይረዳም። ትክክለኛውን ስም ለመስጠት አንዳንዴ ተክሉን መንቀል ያስፈልጋል።