ከፊልም ላይ ሦስት ሰከንድ ቆርጦ ጂፍ ምስል መሥራት

ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1902 በሠራው «ወደ ጨረቃ ጉዞ» በተሰኘው ድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ መንኮራኩር የጨረቃ ዐይን ላይ ሲሰካ ይታያል። ይህን ቅጽበት ያለማቋረጥ የሚደጋገም ትንሽ ምስል፣ ማለትም ጂፍ፣ ማድረግ ይቻላል። ይሁን እንጂ በዘፈቀደ የተቀየረ ጂፍ ብዙውን ጊዜ ከቪዲዮው ይልቅ ይከብዳል፤ መልኩም ነጠብጣብ ይበዛበታል።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ጂፍ በ1987 ይፋ የሆነ የምስል ዓይነት ነው። ድምፅ አይዝም፤ እያንዳንዱ ምስልም ከ256 በላይ ቀለማት ሊኖሩት አይችልም። ስለዚህ ሥራው በአመዛኙ ምን መቀነስ እንዳለበት መምረጥ ነው።

በመጀመሪያ የምስሎቹ ቁጥር ይቀነሳል። ቅጂው በሰከንድ 24 ምስሎች ካሉት፣ ሦስት ሰከንድ 72 ምስሎች ይሆናል። በሰከንድ 10 ብቻ ቢወሰድ ግን 30 ይበቃሉ፤ እንቅስቃሴውም በግልጽ ይታያል። ቀጥሎ ስፋቱ ይቀነሳል። 1440 ፒክስል የነበረው ወደ 480 ሲወርድ የእያንዳንዱ ምስል ስፍራ በዘጠኝ እጥፍ ያንሳል።

እንዴት ይሠራል?

ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሥራውን በሁለት ትእዛዝ ይጨርሳል። በእጃችን ባለው ቅጂ ትዕይንቱ 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ ይጀምራል እንበል።

```
ffmpeg -ss 00:05:10 -t 3 -i film.mp4 -vf "fps=10,scale=480:-1,palettegen" colors.png
ffmpeg -ss 00:05:10 -t 3 -i film.mp4 -i colors.png -lavfi "fps=10,scale=480:-1[x];[x][1:v]paletteuse" moon.gif
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ለእነዚህ ሦስት ሰከንዶች የሚስማሙ ቀለማትን መርጦ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው በእነዚያ ቀለማት ጂፉን ይሠራል። የመጀመሪያው ከተዘለለ ፕሮግራሙ ለማንኛውም ምስል የተዘጋጁ ቀለማትን ይጠቀማል። ከእነዚህ መካከል ግራጫዎቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ የጨረቃዋ ፊት በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የነበረው ለስላሳ ጥላ ይጠፋል።

ምን ሊበላሽ ይችላል?

ጂፉ በተደጋገመ ቁጥር መጨረሻው ላይ ባዕድ ምስል ብልጭ ካለ፣ ቁራጩ ወደሚቀጥለው ትዕይንት ተሻግሯል ማለት ነው። `-t 3` የሚለውን በሁለቱም ትእዛዞች ወደ `-t 2.8` ዝቅ ማድረግ ያስተካክለዋል።

ሌላው ችግር ክብደት ነው። ጂፍ ቦታ የሚቆጥበው ከምስል ወደ ምስል ያልተለወጠውን ክፍል ባለመድገም ነው። ካሜራው ሳይንቀሳቀስ የተቀረጸ ትዕይንት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በአሮጌ ፊልም ላይ ግን ጭረቱና መንቀጥቀጡ ጸጥ ያለውን ጀርባ ጭምር በየምስሉ ይለውጠዋል። ጀርባው ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ሲርመሰመሱ ከታዩ ምልክቱ ይህ ነው። ያን ጊዜ ስፋቱን ወደ 320 መቀነስ ፋይሉን ያቀለዋል፤ የጨረቃዋ ፊትም ትልቅ ስለሆነ መለየቱ አያስቸግርም።