የወደቀችው ተምርና የኸባብ ልጅ

በ658 ዓ.ም. (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዛሬይቱ ኢራቅ፣ ናህራዋን በተባለው የመስኖ ቦይ አጠገብ፣ አንድ ታጣቂ ከዛፍ ሥር የወደቀች የተምር ፍሬ አንሥቶ አፉ ውስጥ ጣላት። ጓደኛው ጮኸበት። ባለቤቱን ሳያስፈቅድ፣ ዋጋዋን ሳይከፍል እንዴት ይበላታል? ሰውየውም ተምሯን ተፋት። ከመካከላቸው ሌላው ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን አሳማ በሰይፍ ገደለ። አሳማው ሙስሊም ያልሆነ ሰው ንብረት ነበርና ገዳዩ ባለቤቱን ፈልጎ ካሰ።

በእጃቸው የወደቀ አንድ ምርኮኛ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። አብዱላህ ይባላል፤ ከነቢዩ መሐመድ ቀደምት ተከታዮች አንዱ የነበሩት የኸባብ ልጅ ነው። ለፍሬና ለአሳማ ይህን ያህል የሚጠነቀቁ ሰዎች እኔን አይነኩኝም ብሎ ተስፋ አደረገ። ስለ ኸሊፋው ስለ ዓሊ ጠየቁት፤ ስለ ዓሊ በጎ ተናገረ። ወደ ውኃው ዳር ወስደው አረዱት። እርጉዝ ሚስቱንም ሆዷን ቀደው ገደሏት።

ታሪኩን ካቆዩልን መካከል በ923 ዓ.ም. ያረፈው ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ አጥ-ጠበሪ ይገኛል። የገዳዮቹ ወገን ተሸናፊ ነበርና ታሪኩ የደረሰን በባላጋራዎቻቸው አፍ መሆኑን አንባቢ ልብ ማለት አለበት። ሆኖም ነገሩን ግብዝነት ብሎ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል። እነዚህ ሰዎች ኸዋሪጅ ይባላሉ፤ «የወጡ» ማለት ነው። በሌሊት ጸሎትና በጾም የታወቁ ነበሩ። ተምሯን የተፋው ሰው የተፋት ከልቡ ነው። አብዱላህን የገደሉትም ከልባቸው ነው። ሁለቱን ያገናኘው ሐሳብ ከየት መጣ?

ሥሩ ያለው ከአንድ ዓመት በፊት በተደረገ ጦርነት ላይ ነው። ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን በ656 ዓ.ም. መዲና ውስጥ በዐመፀኞች ተገደሉ። በቦታቸው የተተኩት ዓሊ ሲሆኑ፣ የዑስማን ዘመድና የሶርያ ገዥ የነበሩት ሙዓውያ ግን ገዳዮቹ ሳይቀጡ አልገዛም አሉ። በ657 ዓ.ም. ሁለቱ ጦሮች በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ ሲፊን ላይ ተጋጠሙ። ውጊያው በበረታ ጊዜ የሶርያ ወታደሮች የቁርአን ቅጠሎችን በጦራቸው ጫፍ ሰቅለው ነገሩ በመጽሐፉ ይዳኝ አሉ። ዓሊ ዘዴ መሆኑ ገብቷቸው ነበር፤ ሆኖም ከገዛ ሠራዊታቸው ብዙዎች አስገደዷቸውና ሁለት ሽማግሌዎች እንዲዳኙ ተስማሙ።

ስምምነቱ ሲነበብ ግን ከዚያው ሠራዊት ውስጥ «ፍርድ የአላህ ብቻ ነው!» የሚል ጩኸት ተነሣ። የጮኹት ሰዎች ክርክር ቀላል ነበር። በዐመፀኛ ላይ ምን መደረግ እንዳለበት ቁርአን ተናግሯል፤ እስኪመለስ ድረስ ይዋጉታል። አምላክ በፈረደበት ነገር ሰውን ዳኛ ማድረግ ከባድ ኃጢአት ነው፤ በአምላክ ፍርድ ያልፈረደ ደግሞ ካፊር፣ ማለትም ከእምነት የወጣ ነው። አንዳንዶቹ ቀድሞ ሽምግልናውን የደገፉ ነበሩ። ይህንንም አልካዱም፤ «እኛም ከእምነት ወጥተን ነበር፣ ንስሐ ገባን፤ አንተም ግባ» አሏቸው። ዓሊ ካፊር ሆኛለሁ ብለው እንዲናዘዙ ነው የተጠየቁት። እምቢ አሉ።

ሰዎቹ ከኩፋ ከተማ ወጥተው ሐሩራ በምትባል መንደር ሰፈሩ። ሊያግባቧቸው የተላኩት የነቢዩ የአጎት ልጅ ኢብን ዓባስ ያነሡት ነጥብ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይግባ ብሎ ያዘዘው ያው ቁርአን አይደለምን? ለአንድ ትዳር የተፈቀደ ዳኝነት ለሕዝብ ደም እንዴት ይከለከላል? ብዙዎች ተመለሱ። የቀሩት ግን በ658 ዓ.ም. የራሳቸውን መሪ መርጠው ናህራዋን ላይ ተሰበሰቡ።

ከዚህ በኋላ ሰንሰለቱ በራሱ ይሄዳል። ዓሊ ካፊር ከሆኑ፣ ካፊርን ካፊር ያላለም ካፊር ነው። የአሳማው ባለቤት በቃል ኪዳን የሚኖር ሰው ነውና ንብረቱ የተጠበቀ ነው። የኸባብ ልጅ ግን በእነሱ ዓይን እምነቱን የከዳ ሰው ነበር፤ ከዳተኛ ደግሞ ቃል ኪዳን የለውም። ተምሯን ያስተፋው ሕግና ሰይፉን ያስመዘዘው ሕግ አንድ ነው።

ዓሊ ገዳዮቹን አስረክቡኝ አሉ። «ሁላችንም ገድለነዋል» የሚል መልስ መጣ። ዓሊ ከሰፈሩ ለሚወጣ ሁሉ ምሕረት አወጁ፤ ብዙዎች ወጡ፤ የቀሩት በአብዛኛው አለቁ። ከጦርነቱ በኋላ ዓሊን «እነዚህ ካፊሮች ናቸው?» ብለው ጠየቋቸው ይባላል። ከክሕደት የሸሹ ናቸው፣ በእኛ ላይ የተነሡ ወንድሞቻችን ናቸው ሲሉ መለሱ። ካፊር ያሏቸውን ሰዎች እሳቸው ካፊር አላሉም። በ661 ዓ.ም. የኸዋሪጅ ወገን የሆነው ኢብን ሙልጀም ኩፋ መስጊድ ላይ በሰይፍ መትቶ ገደላቸው።

ጥያቄው ግን ከዓሊ ጋር አልተቀበረም። የሰረቀ፣ ያመነዘረ፣ ሰው የገደለ ሙስሊም ምንድን ነው? ነገሩ የመስጊድ ወግ ብቻ አልነበረም። ካፊር ከተባለ ሚስቱ ሚስቱ አይደለችም፤ ከአባቱ አይወርስም፤ ሲሞት አይሰገድበትም።

በ684 ዓ.ም. ገደማ ባስራ ላይ ኸዋሪጆች ራሳቸው በዚህ ተከፋፈሉ። ናፊዕ ኢብን አል-አዝረቅ ወደ እኛ ሰፈር ያልተሰደደ ሁሉ፣ ሐሳባችንን ቢቀበል እንኳ፣ ካፊር ነው፤ የተቃዋሚ ሴትና ሕፃንም ይገደላል አለ። ነጅዳ የተባለው መሪ ግን የራሱን ተከታዮች ማስተዳደር ነበረበትና መላ ፈለገ። ትንሿን ኃጢአት እየደጋገመ የሙጥኝ ያለ ከእምነት ይወጣል፤ አንድ ጊዜ ተሳስቶ የሰረቀ ወይም ያመነዘረ የወገናችን ሰው ግን ሙስሊም ነው አለ። መንግሥት የያዘ ሰው ሁሉንም ካፊር ብሎ ማንን ይገዛል?

ከሌላው ጫፍ ሙርጂኣ የተባሉት መጡ፤ «አስተላላፊዎች» እንደ ማለት ነው። በዓሊና በዑስማን ጉዳይ ፍርዱን ለአምላክ እንተወው አሉ። ይህን ሐሳብ ከሚገልጹ የመጀመሪያ ጽሑፎች አንዱ ለዓሊ የልጅ ልጅ ለሐሰን መሰጠቱ ያስገርማል፤ በአያቱ ደም የተጀመረውን ክርክር ሊዘጋ የፈለገ ይመስላል። ሙርጂኣዎች ሥራ እምነትን አይሽርም ሲሉ፣ ባላጋራዎቻቸው ይህ ለጨካኝ ገዥ ትራስ ነው ብለው ከሰሷቸው። ክሱ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ዋሲል ኢብን ዓጣእ ደግሞ ኃጢአተኛው አማኝም ካፊርም ሳይሆን በሁለቱ መካከል ነው አለ።

ብዙኃኑ ሱኒዎች በመጨረሻ የያዙት መንገድ በእኔ አመለካከት ከሁሉ የበረታው ማስረጃ የሚገኝበት ነው። ቁርአን ለሌባ አንድ ቅጣት፣ በሐሰት ዝሙት ለሚያወራ ሌላ ቅጣት፣ ሰማንያ ጅራፍ፣ ደንግጓል። ኃጢአት ሁሉ ክሕደት ቢሆን የቅጣቱ ልዩነት ለምን አስፈለገ? እርስ በርስ የሚዋጉትን ሁለት ወገኖችም መጽሐፉ «አማኞች» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ስለዚህ ኃጢአተኛው እምነቱ የጎደለ አማኝ ነው፤ ይቀጣል፣ ግን ይወርሳል፣ ይሰገድበታል።

የናፊዕ ወገኖች በሰባተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ተደመሰሱ። ከዚያው ከባስራ ክፍፍል ግን ዛሬም የዘለቀ አንድ ወገን አለ፤ ኢባዲዎች ይባላሉ፤ በዖማንና በአልጄሪያ ምዛብ ሸለቆ ይኖራሉ፤ ኸዋሪጅ መባልንም አይቀበሉም። ኃጢአተኛውን «ኩፍር» በሚለው ቃል ይጠሩታል፤ ነገር ግን ትርጉሙን የአምላክን ጸጋ ማጉደል፣ ምስጋና ቢስነት ነው ይላሉ። ከሌላው ሙስሊም ጋር ይጋባሉ፣ ይዋረሳሉም። ቃሉ የናህራዋን ቃል ነው፤ ሰይፉ ግን አብሮት የለም።