ከአውጫጭኝ እስከ አንቀጽ 35፦ በባልንጀራ ወንጀል የመጠየቅ ታሪክ

ከደጀን ከተማ ጫፍ ላይ የዓባይ ሸለቆ ይከፈታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በዚህ በር ያልፋል፤ ገበሬ፣ ነጋዴና ሽፍታ፣ በየዘመኑ ደግሞ ሕግ አስከባሪም ወደ ጎጃም የገባው በአብዛኛው በዚሁ በኩል ነው። ጎጃም አንድ ከባድ የሕግ ጥያቄ ደጋግሞ የተፈተነበት ምድር ነው፤ እጁን በወንጀሉ ላይ ያላሳረፈ ሰው በባልንጀራው ድርጊት የሚጠየቀው መቼ ነው? መልሱ ባለፉት መቶ ዓመታት ብዙ ተለውጧል። የለውጡ መሥመር ባጭሩ ሲታይ ከማኅበር ዕዳ ወደ ግለሰብ ሐሳብ የተደረገ ጉዞ ነው፤ ጉዞው ግን ገና አላለቀም።

በጥንቱ ሥርዓት መነሻው ሰውየው ሳይሆን አገሩ ነበር። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ ለአውጫጭኝ ይጠራል። በሌላው አገር አፈርሳታ የሚባለው ይኸው ሸንጎ ነው። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ የመጣውም ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ በመሐላና በውግዘት ይጠየቃል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ካሳው በነዋሪው ላይ ይደለደላል። ከዚሁ ጎን ለጎን የደም በቀል ነበረ። ገዳዩ በረሃ ከገባ ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ሊፈለግ ይችላል፤ በሽማግሌ ዕርቅ ሲያልቅም የደም ካሳውን የሚያዋጣው ዘመዱ ነው። ይህ ሥርዓት ፖሊስና መዝገብ በሌለበት አገር ምሥጢርን ለማውጣት ኃይል ነበረው። ጎረቤት የጎረቤቱን ነገር ያውቃል ብሎ ያምናልና አለማወቅም ዋጋ ያስከፍላል። ፍትሐ ነገሥት በበኩሉ አስቦ የገደለውን ሳያስብ ከገደለው ይለይ ነበር። የሰው ልብ ይመርመር የሚለው ሐሳብ በጽሑፍ ነበረ ማለት ነው፤ በየአጥቢያው የሚሠራው ግን በአብዛኛው የማኅበሩ ዕዳ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በ1923 ዓ.ም. ነው። በዘውድ በዓሉ ሰሞን የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣትን በጽሑፍ ደረደረ፤ በዓመቱ ደግሞ ጎጃም የዘመኑን ታላቅ የተባባሪነት ክስ አየ። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ በግዞት ከነበሩበት ከፍቼ አመለጡ። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ማምለጡን ረድተዋል ተብለው ተከሰሱ። የእሥር ቤቱን በር የከፈቱት እሳቸው ናቸው ያለ የለም፤ ክሱ የቆመው በመርዳትና በማሤር ላይ ነበር። ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተቀይሮ ሀብታቸው ተወረሰ፣ ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ከዚህ ክስ ሁለት ነገር ይታያል። የረዳ ሰው ከአድራጊው እኩል ሊቀጣ እንደሚችል በታላቅ ሰው ላይ ታየ። ደግሞም የማሤር ክስ የመንግሥት መሣሪያ የመሆን ጠባዩ ገና በጠዋቱ ተገለጠ፤ ፍርዱ አንድን ሰው ከመቅጣት አልፎ አንድን ጠቅላይ ግዛት ከወራሽ ገዥዎቹ እጅ አውጥቷልና።

ታሪኩ በራስ ኃይሉ ብቻ አላበቃም። ልጃቸው ልጅ ማሞ ኃይሉ ከታዋቂው የጎጃም አርበኛ ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጋር በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። በላይ ቀደም ሲል የተፈረደባቸው ሞት ወደ እሥራት ተለውጦ ነበር፤ ከእሥር ቤት ለማምለጥ ሁለቱ አብረው መሞከራቸው ግን መጨረሻቸውን አንድ አደረገው።

ሦስተኛውና ወሳኙ መታጠፊያ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ያረቀቁት የስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ፤ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። ይህ ሕግ ተባባሪ የሚባለውን ጅምላ ስም በታተነው። ዋናው ወንጀል አድራጊ፣ አነሳሹ፣ አባሪው፣ ያደመውና ከድርጊቱ በኋላ የሸሸገው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አንቀጽ ተበጀላቸው። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የአሁኑ የወንጀል ሕግም አጥንቱን የወሰደው ከዚሁ ነው።

በሁለቱ ሕጎች መካከል ግን ደርግ አለ፤ ጎጃምም የዘመኑን ክፉ ጽዋ ጠጥቷል። በነሐሴ 1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ሰባ አምስት እሥረኞች ተገደሉ። የደርግ ተወካይ ሆኖ ጎጃምን ያስተዳድር የነበረው እሸቱ ዓለሙ ኋላ በኔዘርላንድ ኖሮ፣ በዚያው አገር ተከሶ ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በሄግ የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ሰኔ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ቅጣቱን አጸና። ፍርዱ በገዛ እጁ ገደለ በሚል ላይ የቆመ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ የመረመረው የማዘዝ ሥልጣኑን፣ የእሥረኞቹን ዕጣ የወሰኑ ሰነዶችንና ከአስፈጻሚዎቹ ጋር የነበረውን ትስስር ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ለደብረ ማርቆስ ሟቾች ቤተሰብ ፍርድ ያስገኘላቸው ይኸው ያልታየ እጅም ወንጀልን ሊሠራ ይችላል የሚለው መርህ ነው። መርሁ በራስ ኃይሉ ላይ የፖለቲካ በትር ሆኖ እንደነበረ ሁሉ እዚህ የተበዳዮች መከታ ሆነ፤ ልዩነቱን ያመጣው ማስረጃው በእያንዳንዱ ተግባር ላይ መመዘኑ ነው።

ዛሬ ላይ ስንደርስ ሕጉ በአንድ ተራ ሌሊት እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። ነገሩ ምሳሌ ነው። በደጀን መንገድ ዳር ባደረ የጭነት መኪና ላይ ሦስት ጓደኛሞች ሊሰርቁ ይስማማሉ። አንዱ ሸራውን ገልጦ ጆንያ ያወርዳል፣ ሁለተኛው በባጃጅ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ዙሪያውን ይቃኛል። የመኪናው ረዳት ነቅቶ ሲጮህ ቃኚው በጩቤ ወግቶ ይገድለዋል። ሲነጋ ሦስቱም በግድያ ይያዛሉ።

የወጋው ሰው ጉዳይ ግልጽ ነው። የክርክሩ ልብ ያለው ጆንያ አውራጁ ዘንድ ነው። አንቀጽ 32(1)(ለ) እንደሚለው ድርጊቱን በእጁ ባይፈጽምም በወንጀሉና በውጤቱ በሐሳቡም በአድራጎቱም ሙሉ በሙሉ የተባበረ ሰው እንደ ዋና አድራጊ ይቆጠራል። እንግዲህ ጥያቄው አውራጁ ስለ ስርቆቱ ያውቅ ነበር ወይ አይደለም፤ ያንን ያውቃል። ጥያቄው ስለ ሞቱ ነው። ጩቤው መያዙን አይቷል? የሚነቃ ሰው ቢኖር እንዲወጋ ተነጋግረዋል? የሁለቱም መልስ አዎን ከሆነ በግድያው ሊጠየቅ ይችላል። ጩቤውን ጨርሶ ካላወቀ ግን አንቀጽ 32(2) ወደ አንቀጽ 58(3) ይመራዋል፤ ማንም ሰው ካሰበው ወይም ሊደርስ ይችላል ብሎ ከተቀበለው በላይ ለሆነው ነገር አይቀጣም። ስለ ስርቆቱ ይጠየቃል፣ ስለ ደሙ ግን አይጠየቅም።

ባለባጃጁ ሌላ ደረጃ ነው። የዕቅዱና የድርሻው ተካፋይ ከሆነ እሱም እንደ ዋና አድራጊ ሊቆጠር ይችላል። ዕቅዱን አውቆ ለማጓጓዝ ብቻ ከረዳ በአንቀጽ 37 አባሪ ነው፤ ለአባሪ ፍርድ ቤቱ እንደ ሁኔታው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ጓደኛው ደውሎ ዕቃ አለኝ ስላለው ብቻ እንደ ወትሮው ለሒሳብ ከመጣ ግን ምንም ወንጀል የለበትም፤ አባሪነት ያለ ማወቅ አይኖርም። ጠዋት ጆንያውን አውቆ የደበቀው አራተኛ ጓደኛ ደግሞ በግድያው ተካፋይ አይደለም፤ አንቀጽ 40 ከድርጊቱ በኋላ የመጣን እርዳታ ለብቻው ወንጀል አድርጎታልና። ሰምቶ ዝም ያለስ? ዝምታ በመርህ ደረጃ ተካፋይነት አይደለም፤ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ወንጀልን ያለ በቂ ምክንያት አለማሳወቅ ግን በአንቀጽ 443 ያስቀጣል።

ስለ ማደም አንድ ነጥብ መለየት አለበት። በሌሎች አንዳንድ አገሮች መስማማት ብቻውን በማናቸውም ወንጀል ያስከስሳል። በእኛ ሕግ አንቀጽ 38 ስምምነትን በመደበኛው ወንጀል ላይ ቅጣት የሚያከብድ ምክንያት ያደርገዋል፤ ስምምነቱ ብቻውን ራሱን የቻለ ወንጀል የሚሆነው በመንግሥት ላይ እንደሚደረግ ሤራ ባሉ ተለይተው በተዘረዘሩ ጉዳዮች ነው። ስለዚህ በሰፈር ወሬ «አብረው ተማክረዋል» መባሉ በፍርድ ቤት ክስ ላይሆን ይችላል።

በተግባር ነገሩ የሚበላሸው ክሱ ሲጻፍ ነው። ሦስቱም በአንድ አንቀጽ ሥር «በጋራ ሆነው» ተብለው ይደረደራሉ፤ ማን ምን እንዳደረገ አይገለጽም። እንዲህ ያለ ክስ ሲነበብ ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 130 መሠረት ተቃውሞ ማቅረብና የየራሱ ድርጊት ተዘርዝሮ እንዲነገረው መጠየቅ ይችላል። ምስክር ሲሰማም ሚዛኑ በጥቃቅን ነገር ላይ ያርፋል፤ የስልክ ጥሪው ከድርጊቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ድርሻ ተከፍሏል ወይ፣ ጩቤው ቀድሞ ለማን ታየ። አንዱ ጓደኛ ራሱን ለማዳን በሌላው ላይ የሚሰጠው ቃል ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አንቀጽ 35 ነው። ወንጀል በቡድን ሲፈጸም የቡድኑ አባል ይቀጣል፤ በድርጊቱ አለመካፈሉን ያስረዳ ሰው ብቻ ነፃ ይሆናል ይላል። እዚህ ላይ የማስረዳቱ ሸክም ወደ ተከሳሹ ይዞራል፤ የቀድሞው አውጫጭኝ በአዲስ ልብስ የተመለሰ ያህል ነው። በአንጻሩ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(3) የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ደንግጓል። ስለዚህ ዳኞች አንቀጽ 35ን ከመተርጎማቸው በፊት ዐቃቤ ሕግ ሁለት ነገር በማስረጃ እንዲያጸና ሊያስገድዱት ይገባል፤ ወንጀሉን ለመፈጸም የቆመ ቡድን መኖሩን፣ ተከሳሹም ዓላማውን አውቆ በዚያ ቡድን ውስጥ መሆኑን። እነዚህ ሁለቱ ሳይረጋገጡ ከጓደኛው ጋር የተገኘን ወጣት ንጽሕናህን አስረዳ ማለት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም።