«የጊዮርጊስ ዕለት» እና የዓድዋ ቀን

የኢትዮጵያ ገበሬ የወሩን ቀናት በቁጥር ብቻ ሳይሆን በስምም ሲጠራ ኖሯል። ዕዳ የሚከፈልበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ማኅበር የሚጠጣበት ቀን «ለሚካኤል»፣ «በማርያም ማግሥት» እየተባለ ይቀጠር ነበር። ስለሆነም ያለፈውን ዘመን ከአረጋውያን አንደበት የሚመዘግብ ሰው በቅድሚያ ይህን አቆጣጠር ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል።

መሠረቱ ቀላል ነው። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስላላቸው ዝክሩ ከወሩ ቀን ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ወር በገባ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ይውላል። ወሩ ቢለወጥ ቀኑ አይለወጥም። እንግዲህ የአንድን ዕለት ዝክር ለማወቅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወሩ ስንት እንደ ሆነ መለየት ይበቃል። ችግር የሚፈጠረው ቀኑ ከአውሮፓ አቆጣጠር ሲመለስ ነው።

ለምሳሌ የዓድዋን ጦርነት እንውሰድ። የኢጣሊያ ሰነዶች ውጊያው እሑድ ማርች 1 ቀን 1896 እንደ ተደረገ ይገልጻሉ። ዛሬ ማርች 1 የሚውለው የካቲት 22 ነው፤ ይህም የኡራኤል ዕለት ነው። የአገሬው ትውፊት ግን ድሉ በጊዮርጊስ ዕለት እንደ ተገኘ ይናገራል። ታዲያ ሕዝቡ ተሳስቶ ይሆን?

ይህን ለመመርመር የባሕረ ሐሳብ ስሌት ይረዳል። በ1888 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7388 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1847 ነው። የሁለቱ ድምር 9235 ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ስለሚሆን፣ 2 ሲተርፍ ረቡዕ ነው። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 23 ድረስ 172 ቀናት ያልፋሉ፤ ይህም 24 ሳምንት ከ4 ቀን ነው። ከረቡዕ አራት ቀን ሲቆጠር እሑድ ላይ ያደርሳል። የካቲት 22 ግን ቅዳሜ ነበር። እሑድ የዋለው 23 ስለሆነ ትውፊቱ ትክክል ነው።

የስሕተቱ ምንጭ አውሮፓውያን በ1900 ዓመታቸውን በአንድ ቀን ሳያስረዝሙ ማለፋቸው ነው። በእኛ ግን ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ 6 ትሆናለች። በዚህ ምክንያት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ከዚያ በፊት ማርች 1 የካቲት 23 ላይ ይውል ነበር፤ ዛሬ በየካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ከ1892 የካቲት ወር አስቀድሞ የተጻፈን የአውሮፓ ቀን በዛሬው ማዛመጃ የሚመልስ ሁሉ ቢያንስ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዝክሩም አብሮ ይዛባበታል።

በዝክር የተነገረ ቀንም ቢሆን የራሱ ወሰን አለው። «የጊዮርጊስ ዕለት» የወሩን ቀን እንጂ ወሩንም ዓመቱንም አይነግርም። ጠያቂው የመከር ወይስ የበልግ፣ ከጾሙ በፊት ወይስ በኋላ እንደ ነበር አክሎ መጠየቅ አለበት። ዕለቱ ከታወሰለት ደግሞ ከላይ ባየነው ስሌት ሊያመሳክረው ይችላል።